በእንቅልፍ ልብ መወዛወዝ፣ ራስን መምታትና ጥርስ ማፋጨት

ብዙ ሕፃናት እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ጭንቅላታቸውን ከትራስ፣ ከፍራሽ ወይም ከአልጋው ራስጌ ጋር ደጋግመው ይመታሉ። አንዳንዶቹ በእጅና በጉልበታቸው ተደግፈው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ፤ ሌሎች ደግሞ በጀርባቸው ተኝተው ጭንቅላታቸውን ብቻ ግራና ቀኝ ያንከባልላሉ። መልኩ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። እንቅስቃሴው ምት አለው፤ በሁለት ሴኮንድ አንዴ ከሚሆነው ዝግ ያለ ምት አንስቶ በሴኮንድ ሁለቴ እስከሚደርሰው ይሄዳል። እያንጎራጎረ የሚያጅበው ልጅም አለ። አብዛኛውን ጊዜ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ያበቃና ልጁ ጭልጥ ብሎ ይተኛል፤ ጠዋት ስለ ነገሩ አንዳች አያስታውስም።

በ9 ወር ዕድሜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ሕፃናት ከእነዚህ እንቅስቃሴዎች ቢያንስ አንዱን ያሳያሉ። በ18 ወር ቁጥሩ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ በ5 ዓመት ግን ከመቶ ልጆች የሚቀሩት 5 ያህል ብቻ ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ሕመም ከመሆን ይልቅ በልጅነት መጥቶ የሚያልፍ ልማድ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞችም ሕመም ብለው የሚመዘግቡት እንቅልፍ ሲያሳጣ፣ የቀን ውሎን ሲያውክ ወይም ጉዳት ሲያደርስ ብቻ ነው።

መንስኤው ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ሚዛኑን ከያዘው ማብራሪያ አንዱ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን መጠበቂያ አካል በተደጋጋሚ ሲነቃነቅ ልጁን ያረጋጋዋል የሚለው ነው። እናት ልጇን አዝላ እሹሩሩ ስትል የምትወዘውዘው ይህንኑ ስሜት ለመስጠት ነው፤ ብቻውን የተኛ ልጅ ውዝዋዜውን ለራሱ ይሠራዋል ማለት ነው። ጭንቅላቱን ሲመታ ሕመም የሚፈልግ የሚመስለው ልጅም በእርግጥ የሚፈልገው ምቱን ነው።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የ14 ወር ልጅ በየምሽቱ እንደተኛ ጉልበቱ ላይ ቆሞ ግንባሩን ከአልጋው እንጨት ጋር ያጋጫል እንበል። ድምፁ ጎረቤት ይሰማል፤ ግንባሩ ላይ ቀላ ያለ ምልክት ይታያል። ስሙን ሲጠሩት ወይም ሲነኩት ያቆማል፤ ቀና ብሎ ያያል፤ ሲተዉት መልሶ ይጀምራል። ቀን ቀን ይጫወታል፣ ይበላል፣ በዕድሜው የሚጠበቅበትን ሁሉ ያደርጋል። ይህ ልጅ ሕክምና አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አልጋው ነው፦ ብሎኑን ማጥበቅ፣ ከግድግዳው ራቅ ማድረግ፣ ከተቻለም ፍራሹን መሬት ላይ አውርዶ ማስተኛት። ለመከላከል ተብሎ ትራስና ጋቢ ዙሪያውን መደርደር ግን ትንፋሽ ሊያፍን ስለሚችል፣ በተለይ ዓመት ላልሞላው ሕፃን፣ ከምቱ ይልቅ አደገኛው እሱ ነው። ወላጅ በተመታ ቁጥር ሮጦ ማንሳቱም አይጠቅምም፤ ልጁ ሲመታ እንደሚታቀፍ ይማርና ይብስበታል። እንዲህ ዓይነቱ ምት በጤነኛ ልጅ አንጎል ላይ ጉዳት ማድረሱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው።

የሚያሳስበው ይህንን ከሚጥል በሽታ መለየቱ ነው። ዋናው መለያ ልጁ ሲጠሩት የሚያቆም መሆኑ ነው፤ የሚጥል በሽታ በጥሪም ሆነ በመንካት አይቆምም። ሰውነት መገተር፣ ዓይን ወደ አንድ ጎን መሄድ፣ ምላስ መንከስ፣ ከወትሮው ውጭ ሽንት ማምለጥ፣ ካበቃ በኋላም ግራ መጋባት ወይም መዛል ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች ናቸው። ሰዓቱም ይናገራል፤ ልማዱ በአብዛኛው የሚመጣው እንቅልፍ ሊወስድ ሲል ነው፣ የሚጥል በሽታ ግን ከሌሊቱ በየትኛውም ሰዓት ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የማያዘገየው ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚታይ ሌላ ዓይነት ነው። ሕፃኑ በተለይ ከእንቅልፉ ሲነቃ ጭንቅላቱን ወደ ደረቱ ይሰብራል፣ እጆቹም ድንገት ይዘረጋሉ፤ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ ይለቀዋል፣ ጥቂት አርፎ ይደግማል፣ እንደገናም ይደግማል። ብዙ ሰው የሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ያልፈዋል። አብሮም መሳቅ ወይም መቀመጥ የለመደ ሕፃን ያንን ሊተው ይችላል። ይህ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ስለሚሆን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መታየት አለበት። በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ይረዳዋል።

ከ5 ዓመት በኋላ የቀጠለ፣ እንቅልፍ ያሳጣ፣ ያቆሰለ ወይም ቀን ላይም የሚታይ መወዛወዝ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው። ልጁ ከንግግር ወይም ከሰው ጋር ከመግባባት ከዘገየ ደግሞ የሚመረመረው እድገቱ በሙሉ ነው፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች መወዛወዝ በቀንም በሌሊትም ይታያል።

ጥርስ ማፋጨት የተለየ ጉዳይ ነው። እንቅልፍ በሌሊት ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ እየሳሳ ይጠልቃል፤ በዚያች አፍታ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ቀጥሎ የመንጋጋ ጡንቻዎች እንደማኘክ ይሠራሉ። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ያ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ይወጣል። ልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ቋሚ ጥርስ እየወጣ ሲሄድ በአብዛኛው ይቀንሳል። አዋቂዎች ላይ ጭንቀት፣ ማታ የሚጠጣ ቡና፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያባብሱታል።

በብዙ ቤት ጥርስ የሚያፋጨው ልጅ ወስፋት አለበት ተብሎ የትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ወስፋት ጥርስ እንደሚያፋጭ በአስተማማኝ መንገድ አልተረጋገጠም። ማስረጃ የሚያሻው ጥገኛ ትል በሰገራ ምርመራ ይታወቃል እንጂ በድምፅ አይታወቅም። ይልቅ ልብ የሚባለው ልጁ የሚያንኮራፋ መሆኑ ነው። የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ትንፋሹ ቆም እያለ የሚመለስለት፣ ቀን ቀን የሚፈዝዝ ወይም የሚቅበጠበጥ ልጅ ቶንሲሉ አብጦ አየር ሊያጥረው ስለሚችል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጉዳቱ የሚታወቀው በጠዋት ነው፦ መንጋጋው የሚከብድ፣ የጆሮ ግንዱና ግራ ቀኝ ግንባሩ የሚያመው፣ ቀዝቃዛ ሲጠጣ ጥርሱ የሚጠዘጥዘው ሰው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የጥርሶቹ አናት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ለጥ ብሎ፣ ወይም የተሞላ ጥርስ ተሰንጥቆ ይገኛል። ለአዋቂ የሚሠራው በጥርስ ልክ የተቀረጸ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ጥርስን ከመበላት ይጠብቃል፤ ማፋጨቱን ግን አያቆምም። መንጋጋቸው ገና እያደገ ላሉ ልጆች እንብዛም አይታዘዝም፤ በየጊዜው ጠቦ የሚያስቸግር ከመሆኑም በላይ ለአብዛኞቹ ልጆች የሚያስፈልገው ጥርሱን በየስድስት ወሩ አሳይቶ መከታተል ብቻ ነው።