ገንዘብ ጠያቂው አንድ ወር አለው

ጃፓን ውስጥ አንድ የካርቶን አምራች ለብስኩት ፋብሪካ ዕቃ በዱቤ ሰጥቷል እንበል። ፋብሪካው ዕዳ ከበዛበት ሌላ ኩባንያ ጋር ሊዋሃድና ስሙ ሊጠፋ ነው። ታዲያ ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

በአገሪቱ የኩባንያዎች ሕግ መሠረት ሁለቱ ኩባንያዎች መጀመሪያ የውህደት ውል ይፈርማሉ። ከዚያ ውሉ በየጠቅላላ ጉባኤያቸው ቀርቦ በአብዛኛው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ባለአክሲዮኖች ተስማሙ ማለት ግን ገንዘብ ጠያቂው ተስማማ ማለት አይደለም። ስለዚህ ኩባንያው ውህደቱን በመንግሥት ጋዜጣ ያስታውቃል፤ ለሚያውቃቸው ገንዘብ ጠያቂዎችም በየግላቸው ይጽፋል። የመቃወሚያው ጊዜ ከ1 ወር ማነስ የለበትም። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ኩባንያው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት በዕለታዊ ጋዜጣም ካስነገረ ደብዳቤው ሊቀር ይችላል። ደብዳቤ ሲጠብቅ ቀኑ ያለፈበት ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል።

ካርቶን አምራቹ በጊዜው ከተቃወመ ኩባንያው ወይ ይከፍለዋል ወይ ዋስትና ያስይዝለታል፤ ውህደቱ የማይጎዳው ከሆነ ብቻ ይህ ይቀራል። ተቃውሞው ውህደቱን አያስቆምም፤ የሚጠብቀው ገንዘቡን ነው።

ውህደቱ በሚጸናበት ቀን የፋብሪካው ንብረት፣ ዕዳና ውል በጠቅላላ ወደ ተረካቢው ኩባንያ ይሻገራል። የቤት ኪራዩም የሠራተኛው ቅጥርም እንደገና አይፈረምም። ሆኖም «ኩባንያው ከሌላ ጋር ከተዋሃደ ውሉን ማፍረስ እችላለሁ» የሚል አንቀጽ ያለበት ውል ካለ፣ ያ አንቀጽም አብሮ ይሻገራል።