«ዎክ ኦፍ ግራንድ ስላም» ሲባል ምን ማለት ነው?

የቤዝቦል ኮሜንታተሮች ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ከሚጮኹባቸው ሐረጎች አንዱ «ዎክ ኦፍ ግራንድ ስላም» ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው በቴሌቪዥን ሲባል ሰምቶት ይሆናል። ቃል በቃል ቢተረጎም «ጥሎ መውጫ ታላቅ ምት» የመሰለ ነገር ይሆናል፤ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። «ግራንድ ስላም» ሲባል አራቱን ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች የሚያስብም አለ። እዚህ ግን ከቴኒስ ጋር አይገናኝም። ሐረጉን ለመተርጎም ከመዝገበ ቃላት ይልቅ የጨዋታው ሕግ ይረዳል፤ ሕጉን ለማየት ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2024 ሎስ አንጀለስ ላይ ከሆነው የተሻለ ምሳሌ የለም።

የዓመቱ ዋንጫ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ባለሜዳው ዶጀርስ፣ እንግዳው የኒውዮርኩ ያንኪስ። በቤዝቦል ሁለቱ ቡድኖች እንደ እግር ኳስ በአንድ ጊዜ አያጠቁም። አንዱ በዱላ ሲመታ ሌላው ኳስ እየወረወረና እየቀለበ ይከላከላል። የሚመታው ቡድን ሦስት ሰው እስኪቃጠልበት ድረስ ይቀጥላል፤ ይህን መቃጠል «አውት» ይሉታል። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ሁለቱም አንድ አንዴ ሲመቱ አንድ «ኢኒንግ» ይሞላል፤ ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ አለው፤ እኩል ከወጡ ይጨመራል። በእያንዳንዱ ኢኒንግ እንግዳው ቀድሞ፣ ባለሜዳው በኋላ ይመታል።

«ዎክ ኦፍ» የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ቅደም ተከተል ነው። በመጨረሻው ኢኒንግ ባለሜዳው እየመታ ሳለ መሪነቱን ከያዘ፣ እንግዳው የቀረው ተራ የለም፤ ስለዚህ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። የቀድሞውን የእግር ኳስ ወርቃማ ጎል ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ዕድሉ ያለው ባለሜዳው ብቻ መሆኑ ነው። ቃሉን ያመጣው ዴኒስ ኤከርስሊ የተባለ ታዋቂ ወርዋሪ እንደሆነ ይነገራል። እሱ ያሰበው የሚጨፍሩትን አሸናፊዎች አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ የሚወጣውን ወርዋሪ ነበር። ዛሬ ቃሉ ለአሸናፊው ደስታ ይነገራል።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ። ዘጠኙ ኢኒንግ 2 ለ 2 አለቀ። በአሥረኛው ያንኪስ አንድ ነጥብ ጨምሮ 3 ለ 2 መራ፤ ተራው የዶጀርስ ሆነ። በሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ «ቤዝ» ይባላሉ፤ አንዱ ከሌላው 27 ሜትር ገደማ ይርቃል። መቺው የሚቆመው «ሆም» በሚባለው አጠገብ ነው። ነጥብ የሚቆጠረው ተጫዋቹ አንደኛን፣ ሁለተኛንና ሦስተኛን ዞሮ ሆምን ሲረግጥ ነው። በአንድ ትንፋሽ መዞር ግድ አይደለም፤ አንደኛ ላይ ቆሞ የሚቀጥለው ጓደኛው እስኪመታ መጠበቅ ይችላል።

አንድ ዶጀርስ ከተቃጠለ በኋላ ጋቪን ለክስ እና ቶሚ ኤድማን ተከታትለው ቤዝ ያዙ፤ ለክስ ሁለተኛ ላይ፣ ኤድማን አንደኛ ላይ። ያንኪስ ከአንድ ወር በላይ በጉዳት ምክንያት ያልወረወረውን ኔስቶር ኮርቴስን አስገባ። የመጀመሪያውን ኳስ ሾሄ ኦታኒ ከመስመር ውጭ ወደ ሰማይ ላካት፤ አሌክስ ቨርዱጎ ሮጦ ቀለባት። ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ይቃጠላል፣ ከመስመር ውጭም ብትሆን። ሁለት አውት ሆነ። ቨርዱጎ ግን ኳሷን እንደያዘ በአጥሩ ላይ ተገልብጦ ወደ ተመልካቹ ወደቀ። ሕጉ ደግሞ ቀላቢው ኳሷን ይዞ ከሜዳ ከወጣ ሯጮቹ አንድ አንድ ቤዝ እንዲራመዱ ያዛል። በዚህ ምክንያት ለክስ ሦስተኛ፣ ኤድማን ሁለተኛ ላይ ደረሱ፤ አንደኛው ባዶ ቀረ።

ቀጣዩ መቺ ሙኪ ቤትስ ነበር። ያንኪሶች ሆን ብለው ያለ ውርወራ አንደኛ ቤዝ ሰጡት። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ስሌት አለው። የለክስ ነጥብ እኩል ያደርጋል፣ የኤድማን ነጥብ ያሸንፋል፤ ከኋላ የቆመው ቤትስ ቢገባ ባይገባ ለውጤቱ ለውጥ የለውም። ከዚህ ሌላ ቤትስ ቀኝ መቺ ነው፤ ተከታዩ ፍሬዲ ፍሪማን ግራ መቺ፣ ኮርቴስም ግራ ወርዋሪ። በቤዝቦል ግራ ወርዋሪ ግራ መቺን እንደሚያስቸግር ይታመናል። በዚያ ላይ ፍሪማን ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ሲያነክስ የሰነበተ ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ የማደርግ ይመስለኛል። ጉዳቱ ግን ሦስቱም ቤዞች መሞላታቸው ነው፤ ኮሜንታተሩ «ቤዝስ ሎደድ» የሚለው ይህን ነው። ከዚህ በኋላ ወርዋሪው ለመቺው የማይመቹ አራት ኳሶች ቢጥል መቺው በነጻ አንደኛን ስለሚይዝ ሁሉም ይገፋፉና ለክስ ሳይሮጥ ነጥብ ያስቆጥራል። ኮርቴስ ኳሱን በትክክለኛው ክልል መወርወር ግድ ሆነበት።

ወረወረ። ፍሪማን የመጀመሪያዋን ኳስ መትቶ በቀኝ በኩል ከአጥሩ በላይ ተመልካቹ መሃል ጣላት። ኳስ በአየር ላይ እንዳለች በመስመሮቹ ውስጥ ከአጥር ስታልፍ «ሆም ራን» ነው፤ መቺውም በየቤዙ ያሉት ሯጮችም ያለ ከልካይ ዞረው ይገባሉ። ሦስቱ ቤዞች ሙሉ ሲሆኑ አራት ነጥብ ይሆናል፤ በአንድ ምት ከዚህ በላይ ማግኘት አይቻልም። «ግራንድ ስላም» እሱ ነው። በፍጻሜው ታሪክ ጨዋታ የዘጋ ግራንድ ስላም ሲመታ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ውጤቱ 6 ለ 3 ተብሎ ተመዘገበ። አሸናፊዋ ነጥብ እንደገባች ጨዋታው የሚያበቃ ከሆነ ለምን 4 ለ 3 አልሆነም? ፍሪማን ኳሷን መሬት ለመሬት ሰዷት ሁለቱ ሯጮች ቢገቡ ኖሮ 4 ለ 3 ይሆን ነበር። ከአጥር ውጭ የወጣ ሆም ራን ግን ልዩ ነው፤ የገቡት ሁሉ ይቆጠራሉ። አንድ ግዴታ ብቻ አለ፦ መቺው ራሱ እያንዳንዱን ቤዝ ረግጦ መጨረስ አለበት። በ1999 የኒውዮርክ ሜትሱ ሮቢን ቬንቱራ ከአትላንታ ጋር በ15ኛው ኢኒንግ፣ 3 ለ 3 እያሉ፣ ቤዞቹ ሞልተው ሳለ ኳሷን ከአጥር አሻገረ። ጓደኞቹ ግን ደስታውን አልቻሉትም፤ ሁለተኛ ቤዝ ሳይደርስ ተንጋግተው ተሸከሙት። ዞሮ ስላልጨረሰ ምቱ ተራ የአንድ ቤዝ ምት ተብሎ ተጻፈ፤ ጨዋታው 4 ለ 3 ሆነ።

ፍሪማን መትቶ ሲሮጥ የፎክስ ኮሜንታተር ጆ ዴቪስ «ጊቢ፣ ከፍሬዲ ጋር ተዋወቅ!» የሚል ጩኸት አሰማ። ጊቢ የተባለው ኪርክ ጊብሰን ነው። በ1988ቱ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በዚሁ ሜዳ፣ ለዚሁ ቡድን፣ ሁለቱም እግሮቹ ተጎድተው መራመድ እያቃተው ገብቶ፣ ሁለት አውት ከሆነ በኋላ ጨዋታ የዘጋ ሆም ራን መትቶ ነበር። ያኔ የወረወረለት ዴኒስ ኤከርስሊ ነው፤ «ዎክ ኦፍ» የሚለውን ቃል ያመጣው ሰውዬ።

ለአማርኛ ስርጭት ሐረጉን መተርጎም ካስፈለገ እኔ «ጨዋታ ዘጊ የአራት ነጥብ ምት» እላለሁ። ጩኸቱን አያሟላም፤ ለሚሰማው ግን ምን እንደሆነ ይነግረዋል።