ኦዲተሩ ለምን ሁለት ጣሪያ ያወጣል?

ኦዲተር እያንዳንዱን ደረሰኝ አያገላብጥም። ሥራውን ሲያቅድ መጀመሪያ የሚወስነው፣ ምን ያህል ስህተት ቢኖር የሒሳብ መግለጫውን የሚያነበውን ባንክ ወይም ባለአክሲዮን ውሳኔ ያስለውጣል የሚለውን ነው። ይህ መጠን የዕቅድ ማቴሪያሊቲ ይባላል።

ከውጭ ዕቃ አስመጥቶ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ድርጅት እንውሰድ። ከግብር በፊት ትርፉ 40 ሚሊዮን ብር ነው። ብዙ ኦዲተሮች ከትርፉ 5 በመቶውን ስለሚወስዱ ጣሪያው 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አምስት በመቶው የልማድ እንጂ የሕግ ቁጥር አይደለም፤ ድርጅቱ ኪሳራ ላይ ከሆነ ወይም ትርፉ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅ ከሆነ ሽያጩን ወይም ጠቅላላ ሀብቱን መነሻ ማድረግ ይሻላል።

ችግሩ ስህተት ተበታትኖ መምጣቱ ነው። በመጋዘን ዕቃ 900 ሺህ፣ በተሰብሳቢ ሒሳብ 700 ሺህ፣ ባልተመዘገበ ወጪ 600 ሺህ ብር ቢዛባ፣ እያንዳንዱ ከጣሪያው በታች ነው። ሁሉም ትርፉን ካጋነኑ ግን ድምራቸው 2.2 ሚሊዮን ይደርሳል። ናሙናው ያልነካው ስህተትም ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 320 ዝቅ ያለ ሁለተኛ መጠን፣ ፐርፎርማንስ ማቴሪያሊቲ፣ እንዲወጣ ያዛል። በተለምዶ ከመጀመሪያው ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ቁጥጥሩ ደካማ ለሆነ ወይም አምና ብዙ ማስተካከያ ለተደረገበት ደንበኛ ወደ 50 ይወርዳል። እዚህ 70 በመቶ ተወስዶ 1.4 ሚሊዮን ብር ሆነ እንበል።

ልዩነቱ ናሙና ሲመረጥ በግልጽ ይታያል። 28 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን የመጋዘን ዕቃ በ2 ሚሊዮኑ ለመፈተሽ፣ በተለመደው የገንዘብ አሃድ ናሙና ስሌት፣ 42 ያህል ናሙና ይበቃ ነበር፤ በ1.4 ሚሊዮኑ ግን ወደ 60 ያድጋል። በመጨረሻ ተገኝተው ያልታረሙት ስህተቶች ተደምረው የሚመዘኑት ግን በ2 ሚሊዮኑ ነው።