የቅናሽ ተመንና እውነተኛው ትርፍ፤ የግምጃ ቤት ሰነድ ዋጋ እንዴት ይነበባል?



የዛሬውን ገለጻ በአንድ የምርጫ ጥያቄ ልጀምር። አንድ ድርጅት ለስድስት ወር ያህል የማይጠቀምበት አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አለው እንበል። ለድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ ሁለት አማራጮች ቀርበውላቸዋል። አንደኛው ለ182 ቀናት በባንክ የሚቀመጥ፣ በ365 ቀን ዓመት ተሰልቶ 5.10 በመቶ ወለድ የሚታሰብለት በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ ነው። ሁለተኛው ለዚያው ለ182 ቀናት የሚቆይ የአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሲሆን፣ በገበያው ላይ የተጻፈለት ተመን 5.00 በመቶ ነው። ቁጥሮቹን ብቻ የተመለከተ ሰው ተቀማጩን ይመርጣል። ግብርንና የስጋት ልዩነትን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተው፣ ይህ ምርጫ ድርጅቱን ገንዘብ ያሳጣዋል። ምክንያቱም ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

የግምጃ ቤት ሰነድ በየጊዜው ወለድ አይከፍልም። ገዢው ሰነዱን ከፊት ዋጋው ባነሰ ገንዘብ ይገዛል፤ በመክፈያው ቀን ደግሞ ሙሉውን የፊት ዋጋ ይቀበላል። ትርፉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት እነዚህን ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1929 መሸጥ የጀመረ ሲሆን፣ የዋጋ አወጣጡ የባንክ ቅናሽ ዘዴ በሚባለው ስሌት ላይ ይመሠረታል። በዚህ ዘዴ የሰነዱ ዋጋ እንደሚከተለው ይሰላል፤

```
P = F × (1 − d × t / 360)
```

እዚህ ላይ P የሚከፈለው ዋጋ፣ F የፊት ዋጋው፣ d የቅናሽ ተመኑ፣ t ደግሞ ገንዘቡ ከሚከፈልበት ቀን እስከ መክፈያው ቀን ያሉት ቀናት ብዛት ነው። የቀናቱ ቆጠራ የሚጀምረው ጨረታው ከተካሄደበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ ከተላለፈበት ቀን መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የፊት ዋጋው 1,000,000 ዶላር፣ የቅናሽ ተመኑ 5.00 በመቶ፣ ጊዜው 182 ቀናት ነው። 0.05ን በ182 አባዝተን ለ360 ስናካፍል 0.0252778 እናገኛለን። ስለዚህ ቅናሹ 25,277.78 ዶላር፣ ዋጋው ደግሞ 974,722.22 ዶላር ይሆናል። የፋይናንስ ኃላፊው ከእጃቸው የሚያወጡት ይህንን ገንዘብ ነው፤ ከ182 ቀናት በኋላ የሚቀበሉት አንድ ሚሊዮን ነው።

አሁን የ5 በመቶውን ትርጉም እንመርምር። ይህ ቁጥር ቅናሹን የሚለካው ከፊት ዋጋው፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮኑ አንጻር ነው። ገዢው ግን አንድ ሚሊዮን አላወጡም፤ ያወጡት 974,722.22 ዶላር ነው። ገንዘብ ያፈራው ትርፍ መለካት ያለበት ሥራ ላይ ከዋለው ገንዘብ ጋር ተነጻጽሮ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቀመሩ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ይቆጥራል፤ ገንዘቡ ግን በ365 ቀን ዓመት ውስጥ ይኖራል። ሁለቱም ግድፈቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ ሁለቱም ትርፉን ከእውነቱ አሳንሰው ያሳያሉ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ስሌት ለምን ተመረጠ? መልሱ የሒሳብ መሣሪያ ካልነበረበት ዘመን የባንክ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ባንኮች የነጋዴዎችን የክፍያ ሰነዶች ሲገዙ ወለዱን ከፊት ዋጋው ላይ አስቀድመው ይቀንሱ ነበር። የፊት ዋጋው በሰነዱ ላይ የተጻፈ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ በእሱ ማባዛት ቀላል ነው፤ 360ም ለብዙ ቁጥሮች ያለ ቀሪ ይካፈላል። ዘዴው ዋጋን በፍጥነት ለማውጣት የተበጀ ስለሆነ ለዚያ ዓላማው ዛሬም ብቁ ነው። ችግር የሚፈጠረው ዋጋ ማውጫውን ቁጥር እንደ ትርፍ መለኪያ ስናነብበው ነው።

እውነተኛውን የኢንቨስትመንት ትርፍ ለማግኘት ሁለቱን ግድፈቶች በተራ እናርም። መጀመሪያ ቅናሹን ለተከፈለው ዋጋ እናካፍላለን፤ 25,277.78 ለ974,722.22 ሲካፈል 0.0259333 ይሆናል። ይህ የ182 ቀናቱ ትርፍ ነው። ቀጥሎ ይህን በ365/182 አባዝተን ወደ ዓመት እንለውጠዋለን፤ ውጤቱ 0.052009፣ ማለትም 5.20 በመቶ ነው። ሁለቱ እርምጃዎች በአንድ ቀመር ሲጠቃለሉ የሚከተለውን ይመስላሉ፤

```
i = 365 × d / (360 − d × t)
```

በምሳሌያችን 18.25 ለ350.9 ሲካፈል ያንኑ 5.20 በመቶ ይሰጠናል። ሰነዱ ከወጣበት ቀን በኋላ ያለው አንድ ዓመት የካቲት 29ን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚያካትት ከሆነ፣ በአሜሪካ ግምጃ ቤት አሠራር በ365 ምትክ 366 ይገባል።

የሁለቱን ግድፈቶች ድርሻ ለይቶ ማየትም ይቻላል። ከ5.00 ወደ 5.20 የተደረገው ለውጥ 0.20 የመቶኛ ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ 0.07 ያህሉ ከዓመቱ ቀናት፣ 0.13 ያህሉ ደግሞ ከመለኪያው መሠረት፣ ማለትም የፊት ዋጋውን በተከፈለው ዋጋ ከመተካት የመጣ ነው።

እንግዲህ የመነሻው ጥያቄ መልስ አገኘ። ያው 974,722.22 ዶላር በ5.10 በመቶ ተቀማጭ ሆኖ ለ182 ቀናት ቢቀመጥ 24,787.32 ዶላር ወለድ ያስገኛል። ሰነዱ የሚያስገኘው ግን 25,277.78 ዶላር ነው። በተጻፈው ቁጥር ያነሰው አማራጭ በእጅ በሚገባው ገንዘብ በ490.46 ዶላር ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ልዩነቱ ሁልጊዜ ትንሽ ከሆነ፣ በቅናሽ ተመኑ ላይ 0.20 ጨምረን ብንሠራስ?» ትሉ ይሆናል። ይህ አያዋጣም፤ ልዩነቱ ቋሚ አይደለምና። የቀመሩን ግርጌ ተመልከቱ፤ d እና t ሲጨምሩ ግርጌው ይቀንሳል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። ለ182 ቀን ሰነድ የቅናሽ ተመኑ 1 በመቶ ሲሆን ትርፉ 1.02 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ግን የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነዶች ተመን ከ15 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ15 በመቶ ቅናሽ የ182 ቀን ሰነድ እውነተኛ ትርፍ 16.46 በመቶ ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 1.46 የመቶኛ ነጥብ ደርሷል ማለት ነው። ተመኑ ከ5 ወደ 15 በሦስት እጥፍ ሲያድግ፣ ልዩነቱ ከሰባት እጥፍ በላይ አድጓል። ስለዚህ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰነዶች በቅናሽ ተመናቸው ማወዳደር፣ ወይም ተመኖቹን አማካይ አድርጎ እንደ ትርፍ ማቅረብ፣ በተለይ ወለድ ከፍ ባለበት ዘመን የተዛባ ድምዳሜ ላይ ያደርሳል።

እስካሁን የተጠቀምንበት ቀመርም ወሰን አለው። የሚያገለግለው ከግማሽ ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ቦንዶች በዓመት ሁለት ጊዜ ወለድ ይከፍላሉ፤ ቦንድ የያዘ ሰው የስድስት ወሩን ወለድ ተቀብሎ መልሶ ሥራ ላይ ሊያውለው ይችላል። የ364 ቀን ሰነድ የገዛ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ቀን ምንም አይቀበልም። ሁለቱን በእኩል ሚዛን ለማስቀመጥ ሰነዱ በመንገዱ ላይ አንድ የወለድ ክፍያ እንዳለው አድርገን እናሰላለን፤

```
P × (1 + i/2) × (1 + i × (t/365 − 1/2)) = F
```

ይህ i በካሬ የሚገኝበት እኩልታ ነው። የ364 ቀን ሰነድ በ5.00 በመቶ ቅናሽ ቢሸጥ፣ የፊት ዋጋው 100 ሲሆን ዋጋው 94.944 ነው። የመጀመሪያውን ቀመር በግድ ብንጠቀም 5.34 በመቶ ይሰጠናል፤ ትክክለኛው እኩልታ ሲፈታ ግን ውጤቱ 5.27 በመቶ ነው። ይህ ስህተት ከቀደመው በተቃራኒ ትርፉን አጋንኖ ያሳያል። የሰንጠረዥ ፕሮግራም ላይ አንዱን ቀመር ለሁሉም ረድፍ የሚገለብጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስሌታችሁን ለመፈተሽ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ተመኑ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ እውነተኛው ትርፍ ሁልጊዜ ከቅናሽ ተመኑ ይበልጣል፤ ያነሰ ውጤት ካገኛችሁ በስሌታችሁ ውስጥ ስህተት ገብቷል። ሁለተኛው፣ ያገኛችሁትን ትርፍ ወደ ኋላ መልሱት፤ የተከፈለው ዋጋ በዚያ ምጣኔ ለዚያው ጊዜ አድጎ የፊት ዋጋውን ካልሰጠ፣ አንድ ቦታ ላይ ስህተት አለ።

በመጨረሻ፣ የባንክ ቅናሽ ዘዴ በሁሉም አገር የሚሠራበት አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በብሪታንያ የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ የሚቀርበው ቁጥር ቅናሽ ሳይሆን በ365 ቀን ዓመት የተሰላ ትርፍ ነው። በዚያ አገር ለ182 ቀን ሰነድ 5.00 በመቶ የተባለ እንደሆነ ዋጋው ከመቶ 97.567 ይሆናል፤ በአሜሪካ ያው 5.00 በመቶ 97.472 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ዋጋው ግን ሁለት ነው።

ይህ ለእኛም ይመለከተናል። የኢትዮጵያ መንግሥትም በብሔራዊ ባንክ በኩል የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀናት የግምጃ ቤት ሰነዶችን ይሸጣል። የየትኛውንም አገር የጨረታ ውጤት ለጥናታችሁ ስትወስዱ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ተመኑ ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህ ቁጥር የተለካው ከምን አንጻርና በስንት ቀን ዓመት ነው?» የሚለው ይሁን። ጥርጣሬ በገባችሁ ጊዜ ሁሉ ከተከፈለው ዋጋ፣ ከፊት ዋጋውና ከቀናቱ ብዛት ተነሡ። እነዚህ ሦስቱ እስካሉ ድረስ፣ ተመኑ በየትኛውም ልማድ ቢጻፍ እውነተኛውን ትርፍ ራሳችሁ ታወጣላችሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።