እንዴት ይሠራል? የጌም መጫወቻዎች «ቢት» ምን ይለካ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ገበያ የገባው የሴጋ ጄነሲስ ክዳኑ ላይ በትልልቁ «16 ቢት» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ገበያውን የያዘው ኒንቴንዶ ባለ 8 ቢት ስለነበር መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የኛ እጥፍ ይበልጣል። ለልጁ መጫወቻ ሊገዛ ሱቅ የቆመ ወላጅ ስለ ፕሮሰሰር ምንም ባያውቅ እንኳ 16 ከ8 እንደሚበልጥ ያውቃል።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ግን የሚለካው ገዢው የመሰለውን አልነበረም።

ቢት 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ አንዲት ቦታ ናት። ስምንቱ ሲደረደሩ ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ይይዛሉ። በ1986 በወጣው የመጀመሪያው ዜልዳ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ከ255 በላይ ገንዘብ መያዝ ያልቻለው ገንዘቡ የተቀመጠው በስምንት ቢት ላይ ስለሆነ ነው። ይህ ማለት ግን ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም ማለት አይደለም። 300 ነጥብ ያለው ተጫዋች 500 ቢጨመርለት ምን እንደሚሆን እንመልከት። ማሽኑ 300ን «አንድ 256 እና 44»፣ 500ን ደግሞ «አንድ 256 እና 244» አድርጎ ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጣል። መጀመሪያ 44 እና 244 ይደምራል፤ 288 ይመጣል። ይህ ከ255 ስለሚበልጥ 32 ይጽፍና አንድ በእጁ ይይዛል። ቀጥሎ አንድ፣ አንድ እና በእጅ ያለው አንድ ሦስት ይሆናሉ። ሦስት ጊዜ 256 ሲደመር 32፣ 800 ነው። ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰር ይህንኑ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። መልሱ ያው ነው፤ የተለየው የእርምጃው ብዛት ነው።

ስለዚህ ቢት የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ስፋት ያለው ቁጥር እንደሚያነሣ ነው። ፍጥነትንም የቀለም ብዛትንም አይናገርም። ጄነሲስ እና ሱፐር ኒንቴንዶ ሁለቱም «16 ቢት» ይባላሉ። የጄነሲስ ፕሮሰሰር በሴኮንድ 7.6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል፤ የሱፐር ኒንቴንዶው ቢበዛ 3.58 ሚሊዮን። በቀለም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጄነሲስ ከ512 ቀለም ሲመርጥ ሱፐር ኒንቴንዶ ከ32,768 ይመርጣል።

ለማስታወቂያ በሩን የከፈተው ሌላ ነገር ነው። አንድ ማሽን ውስጥ ስፋት ያለው አካል አንድ ብቻ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ቁጥር የሚይዝባቸው የውስጥ ቦታዎች አንድ ስፋት አላቸው፣ ወደ ሜሞሪ የሚወስደው መስመር ሌላ፣ የሥዕል ቺፑ ደግሞ ሌላ። የጄነሲስ ሞቶሮላ 68000 በውስጡ 32 ቢት ይይዛል፤ መስመሩ ግን 16 ነው። የሱፐር ኒንቴንዶው በውስጡ 16፣ መስመሩ 8 ነው። ተርቦግራፍክስ-16 የተባለው መጫወቻ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቢት ሆኖ ሳለ በስሙ ላይ 16 የለጠፈው በሥዕል ቺፖቹ ምክንያት ነው። የትኛውን አካል እንለካ የሚለውን የሚወስነው ሻጩ ነበር።

ይህ አሠራር ጫፍ የደረሰው በ1993 በአታሪ ጃጓር ነው። አታሪ «64 ቢት» ብሎ ሸጠው፤ ማስታወቂያውም ገዢውን «ሂሳቡን ሥራ» ይል ነበር። በርግጥም ወደ ሜሞሪ የሚወስደው መስመርና ከሥዕል አካላቱ ጥቂቶቹ 64 ቢት ነበሩ። ፕሮግራም የሚያስኬዱት ሁለቱ ዋና ፕሮሰሰሮች ግን ባለ 32 ቢት ናቸው። ከነሱ ጎን ያው በጄነሲስ ውስጥ ያለው 68000 ተቀምጧል። አታሪ እሱን ለማስተባበር ብቻ ቢያስበውም ብዙ ጌም ሠሪዎች የሚያውቁት እሱን ስለነበር ዋናውን ሥራ በሱ ላይ ጫኑት። የመጋዘኑ በር የቱንም ያህል ቢሰፋ ውስጥ ያለው ተሸካሚ በአንድ ጊዜ ከሚያነሣው በላይ ዕቃ አይወጣም። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያበራው ብዙዎቹ ጌሞች ከባለ 16 ቢቶቹ እምብዛም አይለዩም ነበር። ጃጓር በ1996 ከገበያ ወጣ።

በዚያው ዓመት የወጣው ኒንቴንዶ 64 እውነተኛ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ነበረው። ሆኖም ጌሞቹ በአብዛኛው የሚሠሩት በ32 ቢት ነበር፤ ምክንያቱም 32 ቢት ከ4 ቢሊዮን በላይ ይቆጥራል፣ ለጌም ይበቃል፣ ሰፊ ቁጥር ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ የሆነውን ሜሞሪ በከንቱ ይሞላል። ከዚህ በላይ ስፋት መጨመር ለተጫዋቹ የሚታይ ጥቅም አልነበረውም።

በ2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ሲያወጣ ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ነበር፤ «128 ቢት» ሲባልላቸው ከነበሩት ድሪምካስት እና ፕሌይስቴሽን 2 ግን በሥዕል አላነሰም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከማስታወቂያው ጠፋ። 64 ቢት የግድ የሆነው ቆይቶ፣ የመጫወቻዎች ሜሞሪ 32 ቢት ሊቆጥረው ከሚችለው 4 ጊጋባይት ሲያልፍ ነው። በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ነበር፤ ካርቶኑ ላይ ግን ስለ ቢት ማስታወቂያ የሠራበት የለም።