ሳይገቡ ለማለፍም ቪዛ

ቦሌ ኤርፖርት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት። አንዲት ነጋዴ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ልትበር ሻንጣዋን ሚዛን ላይ አስቀምጣለች እንበል። የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። የሜክሲኮ ቪዛ አላት፣ ትኬቷንም ከፍላ ጨርሳለች። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ትሄዳለች፣ ከዚያም አውሮፕላን ቀይራ ሜክሲኮ ሲቲ ትገባለች። ጀርመን ውስጥ የምትቆየው አራት ሰዓት ነው፤ እሱም ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ለመሄድ ብቻ። የቼክ ኢን ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን ገልጣ ኮምፒውተሯን ካየች በኋላ ግን፣ «የጀርመን የትራንዚት ቪዛዎ የት አለ?» ብላ ትጠይቃታለች። ቪዛው የለም። ሴትዮዋም ያን ሌሊት አትበርም።

«ጀርመን እኮ አልገባም!» ብትል እውነቷን ነው። በሕጉ ዓይንም ቢሆን ወደ ጀርመን አልገባችም። ከሌላ አገር የመጣ መንገደኛ ከአውሮፕላን ሲወርድ ከፊቱ ሁለት አቅጣጫ ይጠብቀዋል። አንደኛው ወደ ፓስፖርት ቁጥጥር ይወስዳል። ያንን መስኮት ያለፈ ሰው አገሩ ገብቷል፤ ሻንጣውን ከሚዞረው ማመላለሻ ላይ አንስቶ ወደ ከተማ መውጣት ይችላል። ሁለተኛው አቅጣጫ ወደሚቀጥለው በረራ ይመራል፤ መንገደኛው በፍተሻ አልፎ ከድንበሩ ወዲህ ባለው የመሸጋገሪያ ክልል ይቆያል። ሱቁም ምግብ ቤቱም እዚያው አለ፤ ፓስፖርት ላይ ማህተም የሚመታ ግን የለም።

ብዙ አገሮች በዚህ ክልል ለሚያልፍ መንገደኛ ምንም አይጠይቁም። ዱባይ ላይ አውሮፕላን የሚቀይርና ከኤርፖርቱ የማይወጣ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልገውም። የሸንገን አገሮች ግን ከዚያ ክልል ሳይወጡ ለማለፍም ቪዛ የሚያስፈልጋቸውን ዜጎች በስም ለይተው በሕግ ጽፈዋል። በ2009 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ አባሪ ላይ፣ በሁሉም የሸንገን ኤርፖርቶች ይህ ግዴታ ያለባቸው አገሮች 12 ናቸው። ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ ኤርትራና ሶማሊያም አሉበት። የዚህ ፈቃድ ስም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ነው። ዓላማውም ለማለፍ ብሎ የመጣ ሰው መሸጋገሪያው ላይ ሲደርስ ጉዞውን አቋርጦ እንዳይቀር አስቀድሞ ማጣራት ነው። ለብዙ ቅን መንገደኛ ከባድ ሸክም ቢሆንም፣ ሕጉ የሚመለከተው ግን የግለሰቡን ቅንነት ሳይሆን ፓስፖርቱን ነው።

ፓስፖርቱን ነው ስል አንድ ነገር ላስምር። ሪያድ ወይም ዱባይ ለዓመታት ኖሮ ኢቃማ የያዘ ወንድማችን ከዚያው ተነስቶ በፍራንክፈርት በኩል ቢያልፍ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከያዘ ድረስ ግዴታው ያው ነው። የባሕረ ሰላጤው መኖሪያ ፈቃድ ከዚህ ቪዛ ነፃ አያወጣም።

ነፃ የሚያወጡትን ማወቅ ደግሞ ብዙ ድካም ያድናል። የሸንገን ቪዛ ወይም የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው አይጠየቅም። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለውም እንዲሁ፣ ግሪን ካርድ የያዘም ጭምር። የአሜሪካ ቪዛው እስካልተቃጠለ ድረስ መንገደኛው ወደ አሜሪካ ባይሄድም ነፃ ነው። ነጋዴዋ ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ፓስፖርቷ ውስጥ ቢኖራት ኖሮ፣ መድረሻዋ ሜክሲኮ ቢሆንም በፍራንክፈርት በኩል ታልፍ ነበር። አሜሪካ ሳለ ቪዛው የተቃጠለበት ሰውም፣ በቪዛው ተጠቅሞ ከዚያው ከአሜሪካ ሲመለስ ይፈቀድለታል። የተቃጠለውን ቪዛ ይዞ ከሌላ አገር ቢመጣ ግን አይሠራለትም። የእንግሊዝ ቪዛ፣ ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ፣ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሁን ነጋዴዋ ቪዛውን አገኘች እንበል። ይሁንና ትኬቷን በርካሽ አገኘሁ ብላ ለየብቻ ገዝታለች፤ አንዱ እስከ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ከፍራንክፈርት እስከ ሜክሲኮ ሲቲ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አየር መንገዶቹ ካልተያያዙ ሻንጣዋ እስከ ፍራንክፈርት ብቻ ይላካል። ሻንጣው የሚወጣው ደግሞ ከፓስፖርት ቁጥጥሩ ማዶ ነው። እሱን ለማንሳት መስኮቱን ማለፍ፣ ማለትም ጀርመን መግባት አለባት። የትራንዚት ቪዛ ግን ይህንን አይፈቅድም፤ ለመግባት መደበኛው የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቦሌ ላይ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማየት ተገቢ ነው። የመጨረሻው ከተማ ሜክሲኮ ሲቲ ከሆነ ሻንጣው ራሱ ይሻገራል። ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ችግሩ ከቦሌ ሳይነሳ ታውቋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ በሁለት የሸንገን ኤርፖርቶች የሚያልፍ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ማድሪድ፣ ከማድሪድ ሜክሲኮ ሲቲ የሚል ትኬት ላይ የመሀሉ በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይቆጠራል። የፓስፖርት ቁጥጥሩ የሚደረገው ፍራንክፈርት ላይ ነው፤ ወደ ማድሪድ የሚበር ሰው ሸንገን ገብቷል። ትኬቱ አንድ ቢሆንም፣ ሻንጣውም እስከ መድረሻ ቢላክም፣ የትራንዚት ቪዛው ለዚህ መንገድ አይሠራም።

ሌሊቱን በሆቴል ማሳለፍም እንዲሁ ነው። ሆቴሉ ከቁጥጥሩ ማዶ ከሆነ፣ አየር መንገዱ ክፍሉን ቢከፍልላትም እንኳ የትራንዚት ቪዛ የያዘች መንገደኛ ልትሄድበት አትችልም። የቀጣዩ በረራ ሰዓት በማግስቱ ጠዋት ከሆነ ይህንን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ማሰብ ይሻላል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለሚታለፍበት አገር ቆንስላ ነው፤ በእኛ ምሳሌ ለጀርመን። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀር ደግሞ መቅረብ አለበት። ክፍያው ከሰኔ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ለጉብኝት ከሚወጣው የሸንገን ቪዛ አይቀንስም። የጣት አሻራ ይወሰዳል። ቀጣዩን ጉዞ የሚያሳይ ትኬትና የመድረሻው አገር ቪዛም ይቀርባል። ስለዚህ የሜክሲኮ ቪዛ መጀመሪያ መገኘት አለበት። የጉዞው ትኬት ደርሶ መልስ ከሆነ በፍራንክፈርት የሚታለፈው ሁለት ጊዜ ነው። ቪዛው ለአንድ ማለፊያ ብቻ ከተሰጠ ሴትዮዋ የምትታገደው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ወደ አገሯ ስትመለስ ነው። ሲያመለክቱ ሁለቱንም ጉዞ መጥቀስ፣ ፓስፖርቱ ሲመለስም ቪዛው ላይ የተጻፈውን የማለፊያ ቁጥር ማንበብ ይገባል።

ይህንን ሁሉ የሚያጣራው የጀርመን ፖሊስ ሳይሆን በመጀመሪያ የቼክ ኢን ሠራተኛዋ መሆኗ ብዙ ሰው ያስቆጣል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሰነድ ያልተሟላለት መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ በሰው በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይቀጣል፣ መንገደኛውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። ሠራተኛዋ የምታየው መረጃ ለፓስፖርቱ ዓይነትና ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ይነግራታል፤ ልመና አይለውጠውም።

አሜሪካ ላይ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። እዚያ ለዓለም አቀፍ መንገደኛ የተለየ የመሸጋገሪያ ክልል የለም። አዲስ አበባ ተነስቶ በዋሽንግተን በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚያልፍ ሰው፣ ለሁለት ሰዓት ቢሆንም ኢሚግሬሽን ፊት ይቆማል። ያለ ቪዛ መሸጋገር ይፈቅድ የነበረው አሠራር በነሐሴ 2003 ታግዷል። ስለዚህ የአሜሪካ ቪዛ የሌለው ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ኤርፖርት የሚያልፍ ትኬት ከመግዛቱ በፊት የዚያን አገር የትራንዚት ወይም የጉብኝት ቪዛ ማግኘት አለበት።

እባካችሁ ትኬት ቆራጩን «ስንት ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «በየት በየት ነው የሚያልፈው? ሻንጣዬስ እስከ የት ይላካል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ከመክፈላችሁ በፊት ለሚታለፍበት አገር ቆንስላ አቅርባችሁ አረጋግጡ።