አንድ ጋጥ፣ ሁለት አየር

እናት አሳማ ግልገሏ ላይ ተኝታ ስትገድለው ብዙ ሰው ጥፋቱን የእሷ ያደርገዋል። ቢሾፍቱ ውስጥ አሳማ የሚያረባ ወዳጄ ጋጥ ያደርኩበት የታኅሣሥ ሌሊት ግን ነገሩ ከብርድ እንደሚጀምር በዓይኔ አሳየኝ።

ግልገል ሲወለድ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። እርጥብ ነው፣ ፀጉሩ የሳሳ ነው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ከምንም አይቆጠርም። በዚያን ሰዓት 34 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። እናቱ ግን 18 ዲግሪ አካባቢ ይስማማታል፤ ቤቱን በሙሉ ብናሞቀው ታለከልካለች፣ መኖዋን ትተዋለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። ስለዚህ በአንዱ ጋጥ ውስጥ ሁለት አየር መፍጠር ግድ ነው።

የበረደው ግልገል ሙቀት ፍለጋ እናቱ ሆድ ሥር ይለጠፋል። ስለደነዘዘ እንገሩን በደንብ አይጠባም፤ ስላልጠባም ይብስ ይበርደዋል። እሷ ጎኗን ስትጥል የሞቃቸው ወንድሞቹ ፈትለክ ሲሉ እሱ እዚያው ይቀራል። ከእናት ሥር የሚቀሩት ግልገሎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው።

አሳማ ከተጠቃች ከ114 ቀን ገደማ በኋላ ትወልዳለች። ወዳጄ ጥቂት ቀን ሲቀራት ወደታጠበና ወደደረቀ ጋጥ አዛውሯት ነበር። በግድግዳው ዙሪያ ከወለሉም ከግድግዳውም 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የራቀ ጠንካራ አግዳሚ ተመትቷል። አሳማ ግድግዳ ተደግፋ እየተንሸራተተች መተኛት ስለምትወድ፣ ግልገሉ በአግዳሚው ሥር ሾልኮ የሚያመልጥበት ክፍተት ያገኛል። ጥግ ላይ ደግሞ ግልገል ብቻ የሚገባበት በር ያለው፣ ክዳን ያለው የጣውላ ሳጥን አለ። ውስጡ ደረቅ ጭድ ተጎዝጉዟል፤ የማሞቂያው አምፖል ከጭዱ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በራሱ ሽቦ ቢንጠለጠል ተበጥሶ ጋጡን ሊያነድ ይችላል።

የዚያን ዕለት ጭድ በአፏ እየሰበሰበች ስትጎዘጉዝ፣ ጡቷም ሲጫኑት ወተት ሲያንጠባጥብ፣ አምፖሉ ምጡ ሳይጀምር በራ። ግልገሎቹ በየሃያ ደቂቃው ገደማ ወጡ። ምጥ እየገፋች ሳለ አንድ ሰዓት ያለ ግልገል ቢያልፍ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አፍና አፍንጫው ተጠርጎ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ እትብቱ አዮዲን ተቀብቶ ወደ ጡት ይሄዳል።

ዘጠነኛው እንደወጣ መብራት ጠፋ። ወዳጄ ከሰል አላሰበም፤ በተዘጋ ቤት ጭሱ ይገድላል፣ ጭዱም ይቀጣጠላል። ሙቅ ውኃ በጀሪካን ሞልቶ በጆንያ ጠቀለለና ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ትንሹን ግልገል አንሥቶ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። አፉ ቀዝቃዛ ነበር። ጭንቅላቱን ከላይ ይዞ ሰውነቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆየው፤ በደንብ አድርቆ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከፊተኛው ጡት ላይ አስጠጋው። ጠባ።

ጠዋት መኖዋን ልትበላ ስትነሣ ግልገሎቹን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ዘጋባቸው፤ መልሳ እስክትተኛ ድረስ። በክዳኑ ቀዳዳ አየኋቸው፦ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው ቢሆን በርዷቸዋል፣ ወደ ዳር ሸሽተው ቢሆን ሞቋቸዋል ማለት ነው። ጎን ለጎን ተዘርግተው ተኝተዋል፤ ትንሹም መሐላቸው ነበር።